“ሁሉም ተርፈዋል” ያለው ርዕስ፦ የዜና አርዕስት ከታይታኒክ እስከ “ሰበር ዜና”

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ሰኞ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም.። በዚያች አንድ ቀን ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ስለ አንዲት መርከብ ሁለት የማይታረቁ ርዕሶች ታተሙ።

ጠዋት የወጣው የኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው፣ እንዲህ ይል ነበር፦ “አዲሷ መርከብ ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች፤ እኩለ ሌሊት ላይ በፊቷ በኩል እየሰጠመች ነበር፤ ሴቶች በነፍስ አድን ጀልባ ወርደዋል፤ ከሌሊቱ 6:27 የመጣው የመጨረሻ መልእክት የተደበላለቀ ነው”። በዚያው ቀን የወጣው ኢቭኒንግ ሰን የተባለው የማታ ጋዜጣ ደግሞ በትልልቅ ፊደላት “ከግጭቱ በኋላ ከታይታኒክ ሁሉም ተርፈዋል” አለ።

የማታው ጋዜጣ ገበያ ላይ ሲውል መርከቧ ከሰጠመች ብዙ ሰዓታት አልፈዋል። 1,500 ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንዱ ጋዜጣ ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ተደርጎ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ርዕሶች ትኩስ ናቸው። ሁለቱም ላይ የመርከቧ ስም አለ። ሁለቱም አንባቢ ኪሱ ገብቶ ሳንቲም እንዲያወጣ ያደርጋሉ። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ርዕስ አንባቢን ሳያታልል የሚስብበት መንገድ የቱ ነው? ይህ ጥያቄ ከወረቀት ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ስልካችን ስክሪን ተሻግሮ መጥቷል፤ በየተሻገረበትም መልኩን ቀይሯል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሰዓቱ ርዕሱ ውስጥ ሲገባ

በዚያ ሌሊት የኒውዮርክ ታይምስ ዋና አዘጋጅ የነበረው ካር ቫን አንዳ ይባላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ገደማ በአሶሼትድ ፕሬስ በኩል አጭር ዜና ደረሰው። ታይታኒክ የበረዶ ተራራ መትታ እርዳታ እየጠራች መሆኗን በኒውፋውንድላንድ የሚገኘው የኬፕ ሬስ የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ግን ዝም። ቫን አንዳ ዝምታውን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። ይህን ያህል ትልቅ መርከብ፣ የሚሠራ ሬዲዮ ይዞ፣ እርዳታ ከጠራ በኋላ ድንገት ዝም ካለ አንድ ክፉ ነገር ደርሷል ብሎ አሰበ።

እዚህ ጋ ርዕሱን መለስ ብለን እንየው። በአራት ቁራጭ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ማን ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ታይታኒክ፣ የበረዶ ተራራ። ሁለተኛው የመርከቧን ሁኔታ ይነግረናል፤ ግን “ሰጠመች” አይልም፣ “እየሰጠመች ነበር” ነው የሚለው፤ ያውም መቼ እንደሆነ ጠቅሶ። ሦስተኛው የሰዎቹን ሁኔታ፣ የታወቀውን ያህል ብቻ። አራተኛው ደግሞ በጣም ያልተለመደ ነገር ያደርጋል፤ ጋዜጣው እስከ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚያውቅ ይናገራል። 6:27። ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም ማለት ነው፤ ያም የመጨረሻው መልእክት ራሱ ጥርት ያለ አልነበረም።

ይቺ “6:27” የምትለው ቁጥር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ዜናው ትኩስ መሆኑን ታሳያለች፤ ማተሚያ ቤቱ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ጆሮውን አቁሞ እንደነበር ያስታውቃል። በዚያው ልክ ደግሞ የዕውቀቱን ድንበር ታሰምራለች። የሚገርመው፣ አንባቢውን የምትስበውም ይህችው ድንበር ናት። “ከ6:27 በኋላስ?” የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይጠይቃል።

አሁን ወደ “ሁሉም ተርፈዋል” እንምጣ። ርዕሱን የጻፉት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አልፈጠሩትም። የመርከቧ ባለቤት የዋይት ስታር ኩባንያ ኃላፊ ፊሊፕ ፍራንክሊን ጠዋት ላይ ታይታኒክ አትሰጥምም እያለ ሲያረጋጋ ነበር የዋለው፤ መርከቧ መጥፋቷን ያመነው ማታ ነው። በዚያ ላይ አየሩ በቴሌግራፍ ምልክት ተጨናንቋል። በኋላ ብዙ ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ተቀላቅለው ነው የሚል ነው፤ አንዱ “የታይታኒክ ተሳፋሪዎች ሁሉ ደኅና ናቸው?” የሚል ጥያቄ፣ ሌላው ስለሚጎተት ሌላ መርከብ የሚያወራ። የጥያቄ ምልክቱ ሲወድቅ ጥያቄው መልስ ሆነ።

የርዕሱ ጥፋት ግን ይህ ስሕተት ብቻ አይደለም። የርዕሱ ጥፋት “ሁሉም” የምትለው ቃል ናት። ማን እንዳለ የለም። እስከ መቼ እንደሚታወቅ የለም። የምሥራች ናትና ሁሉም ሊያምናት ይፈልጋል፤ አንድ የሚያስጠረጥር ቃል እንኳ አልተጨመረባትም። በማግሥቱ ለንደን ላይ ዴይሊ ሜይል “ታይታኒክ ሰጠመች፤ የጠፋ ሕይወት የለም” ብሎ ወጣ። እንግዲህ ይህኛው የመርከቧን መጥፋት አውቆ እንኳ “የለም” የሚለውን ቃል ለመተው አልደፈረም።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ። ትኩስነት ማለት ፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ርዕስ ትኩስ የሚሆነው የትኛዋን ደቂቃ እንደሚናገር ሲያውቅ ነው። “አሁን” ብሎ የሚጮህ ርዕስ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ስላልያዘም ውሸት መሆኑን አንባቢው ማወቂያ የለውም።

በ33 ፊደል ውስጥ

ከታይታኒክ 62 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ሲፋክስ የተባለ አገልግሎት ጀመረ። በቴሌቪዥን ስክሪን ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ሪሞት ይዘህ የገጽ ቁጥር ትጫናለህ፣ ጥቂት ትጠብቃለህ፣ ዜናው ብቅ ይላል። አንድ ገጽ 24 መስመር፣ አንድ መስመር 40 የፊደል ቦታ ብቻ ነበረው። በማውጫው ላይ ደግሞ ከርዕሱ ጎን የገጽ ቁጥሩ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ርዕሱ በአንድ መስመር ለማለቅ ትንሽ መሆን ነበረበት።

ቢቢሲ በ1997 የዜና ድረ ገጹን ሲከፍት ይህ ልማድ አብሮት መጣ። የሚጻፈው ርዕስ ለድረ ገጹም ለሲፋክስም እንዲያገለግል ከ31 እስከ 33 ፊደል ድረስ ብቻ ተፈቀደ። ለአዘጋጆቹ ስቃይ ነበር። ግን ከስቃዩ አንድ ጥበብ ተወለደ፤ አምስት ቃል ይዞ አንድ ሙሉ ነገር መናገር። በ2009 የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን የቢቢሲን ርዕሶች “የዓለም ምርጥ” ብሎ አሞገሳቸው። ምክንያቱም አጭር ናቸው፣ ይዘት አላቸው፣ ብቻቸውን ቆመው ይገባሉ፣ ጠቅ አድርጎ የገባ ሰውም የጠበቀውን ያገኛል።

ይሁንና በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቢቢሲ ሕጉን ቀየረው። የፊት ገጹ አጭሩን ርዕስ እንደያዘ ይቀጥል፤ ዜናው ራሱ በሚገኝበት ገጽ ላይ ግን እስከ 55 ፊደል የሚደርስ ሁለተኛ ርዕስ ይኑረው ተባለ። ምን ተፈጠረ? የተሞገሰን ነገር ለምን ይነካሉ?

መልሱ አንባቢው የሚመጣበት በር መቀየሩ ነው። በፊት ገጽ ላይ ርዕስ ብቻውን አይደለም። ከጎኑ ፎቶ አለ፣ ከላዩ “ንግድ” ወይም “ስፖርት” የሚል አለ፣ ቀኑ የዛሬ መሆኑን አንባቢው ያውቃል። ስለዚህ ርዕሱ ግማሹን ብቻ ቢናገር ሌላው ግማሽ ከአካባቢው ይሞላል። በጉግል ፍለጋ የሚመጣ ሰው ግን ፎቶውንም ክፍሉንም አያይም። ርዕሱን ራቁቱን ነው የሚያገኘው። ከዚያም በላይ፣ ፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ስም ነው። ያ ስም ርዕሱ ላይ ከሌለ፣ ዜናው ከሌሎች ሺህ ዜናዎች ሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችላል።

በምሳሌ እንየው። በዚያው ኖቬምበር ወር ትልቁ የንግድ ወሬ የእንግሊዙ ቸኮሌት አምራች ካድበሪ ነበር። የአሜሪካው ክራፍት ሊገዛው ጠይቋል፤ የአሜሪካው ሄርሺና የጣሊያኑ ፌሬሮ ደግሞ እኛም እያሰብንበት ነው አሉ። በ33 ፊደል ይህን ንገር ብትባል ምናልባት “ለካድበሪ ሌላ ገዢ ሊመጣ ይችላል” የሚል መንፈስ ያለው ርዕስ ትጽፋለህ። ወሬውን ሲከታተል ለሰነበተ ሰው በቂ ነው፤ እንዲያውም ይስበዋል፣ “ማን ይሆን?” ይላል። ግን ስለ ሄርሺ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ማን ነበር ያ ሌላ ገዢ ብሎ የሚፈልግም አያገኘውም። 55 ፊደል ሲሰጥህ ግን “ሄርሺና ፌሬሮ ካድበሪን ለመግዛት እያሰቡ ነው” ትላለህ። ስሞቹ ገቡ፤ “እያሰቡ ነው” የሚለውም ገና ያልተቆረጠ ነገር መሆኑን ጠበቀ።

አሁን ጥያቄው፣ ሁለተኛው ርዕስ ደረቀ ወይ? ብዙ ጋዜጠኞች በዚያ ዘመን ይህን ፈርተው ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በ2006 ባወጣው አንድ ጽሑፍ ላይ “ይህ አሰልቺ ርዕስ የተጻፈው ለጉግል ነው” የሚል ርዕስ ሰጥቶ ፍርሃቱን በራሱ ላይ ቀልዶበታል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። በስም ብቻ የሚሄድ ርዕስ መጨረሻው ምን እንደሚመስል በ2011 ታይቷል። ሃፊንግተን ፖስት ሰዎች ፍለጋ ላይ የሚጽፉትን ጥያቄ እንዳለ ወስዶ “ሱፐር ቦል ስንት ሰዓት ይጀምራል?” የሚል ጽሑፍ አወጣ። በአንድ መስመር የሚያልቀውን መልስ በተደጋገሙ የፍለጋ ቃላት ተከቦ ታገኘዋለህ። ጎብኚ ጎረፈለት፤ በየዓመቱም ሌሎች ቀዱት። ውሸት የለበትም፣ ግን ዜናም የለበትም። ስም አለ፣ አዲስ ነገር የለም።

የካድበሪው ርዕስ ግን እንደዚያ አይደለም። ስሙ ከግስ ጋር ነው የመጣው። አንድ የምናውቀው ሰው ወይም ድርጅት አንድ ያላወቅነውን ነገር ሲያደርግ፣ ርዕሱ ደርቆ አይቀርም።

ክፍተቱን ማን ቆፈረው?

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ፣ ወደ 1994 እንሂድ። ጆርጅ ሎዌንስታይን የተባለ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ስለ ጉጉት አንድ ጥናት ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጉጉት የሚመጣው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት እንዳለ ስናይ ነው። ክፍተቱ እንዲታይ ግን አስቀድሞ ትንሽ ማወቅ አለብን። ምንም ስለማናውቀው ነገር አንጓጓም።

በ2012 ሥራ የጀመረው አፕወርዚ ይህን ክፍተት ሙያ አደረገው። አዘጋጆቹ ለአንድ ቪዲዮ 25 ርዕስ እንዲጽፉ ይገደዱ ነበር። ከዚያ የተመረጡት በተለያዩ አንባቢዎች ላይ ይሞከራሉ፤ ብዙ ጠቅታ ያገኘው ያሸንፋል። 25 መጻፍ በራሱ ክፉ ልማድ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ማንም የሚጽፋቸው ናቸው፣ አእምሮህ ሲደርቅ ነው ጥሩው የሚመጣው። ችግሩ ፈተናው ላይ ነው። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ጠቅ አደረገ ወይስ አላደረገም። ከገባ በኋላ ምን እንደተሰማው ጠቅታው አይናገርም።

እንዲህ ያለው ፈተና ስምን ያጠፋል። “አንድ ሰው”፣ “ይህች እናት”፣ “ቀጥሎ የሆነው” ይበዛል። ምክንያቱም ስሙን ከነገርከው መልሱን በከፊል ሰጠኸው ማለት ነው፤ አንዳንዱ በዚያው ረክቶ ያልፋል። የራሳችንን ሠፈር ካየን “ጉድ ፈላ! ታዋቂው አርቲስት ያደረገው...” የሚለው ከዚህ ቤት ነው። አርቲስቱ ማን እንደሆነ ርዕስ ጻፊው ያውቃል። ሆን ብሎ ደበቀው። ታይታኒክ ላይ ክፍተቱን የፈጠረው ዝም ያለው ባሕር ነው። እዚህ ላይ ግን የቆፈረው ጸሐፊው ራሱ ነው።

ፌስቡክ በ2014 ኦገስት ላይ ይህን ለመለየት ሁለት መለኪያ አወጣ። አንደኛ፣ ሰው ሊንኩን ተጭኖ ከሄደ በኋላ ምን ያህል ቆየ? ወዲያው ከተመለሰ የጠበቀውን አላገኘም። ሁለተኛ፣ ከተጫኑት ውስጥ ምን ያህሉ ወደዱት፣ ተወያዩበት፣ አጋሩት? በ2016 ደግሞ ርዕሱን ራሱን ማየት ጀመረና ሁለት ጥያቄ አቀረበ፤ ለመረዳት የሚያስፈልገውን መረጃ ይደብቃል ወይ? ነገሩን አጋንኖ የሌለ ነገር ያስጠብቃል ወይ? እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የጠቅታ ወጥመድ መለያዎች ግልጾቹ ናቸው። “ሁሉም ተርፈዋል” በሁለተኛው ይወድቃል። “ታዋቂው አርቲስት ያደረገው” በአንደኛው።

ስም ከጉጉት ጋር አይጣላም የምለውም ለዚህ ነው። ሎዌንስታይን እንዳለው ክፍተት እንዲታይ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያቺ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ስም ናት። ሄርሺን የሚያውቅ ሰው “ሄርሺ ካድበሪን ሊገዛ ነው እንዴ?” ብሎ በራሱ ይገባል። ስም ሲደበቅ ጉጉቱ የሚመጣው ከዜናው ሳይሆን ከመደበቁ ነው። ሽፋኑ ሲነሣም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ፊደላችን ስንመለስ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የእንግሊዝኛ ርዕስ ታሪክ ነው። አማርኛ ሲመጣ ሦስቱም ነገሮች፣ ስሙም፣ ትኩስነቱም፣ ጉጉቱም፣ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ የምናውቀውን ዜና ይዘን እንሥራው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከኢሕአዴግ ሊቀመንበርነት ለመልቀቅ ጥያቄ ማቅረባቸውን ተናገሩ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ ሥልጣን እስኪያስረክቡ ድረስ በሥራቸው ላይ እንደሚቆዩም ገለጹ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24 ቀን ነው። በመካከሉ ከአንድ ወር ተኩል በላይ አለ።

ለዚህ ዜና የመጀመሪያ ሙከራችን “ሰበር ዜና! ያልተጠበቀው ውሳኔ” ይሁን። በዚያ ቀን ጠቅ የማያደርግ አልነበረም። ዛሬ ግን ይህን ርዕስ ያለ ቀን ብታገኘው ስለ ምን እንደሆነ አታውቅም። “ሰበር” የምትለዋ ቃል ትኩስነትን ትጠራለች እንጂ ሰዓት አትይዝም። የዛሬም የአምስት ዓመት በፊትም ሰበር ዜና አንድ ዓይነት ይሰበራል።

ሁለተኛው፦ “ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ”። የተሻለ ይመስላል። ሁለት ስሕተት ግን አለበት። አንደኛ፣ አልለቀቁም፤ ለመልቀቅ ነው የጠየቁት። በአማርኛ “ለቀቁ” እና “ለመልቀቅ ጠየቁ” መካከል ያለው ርቀት እዚህ ላይ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ነው። “እየሰጠመች ነበር” እና “ሰጠመች” ብለን እንዳየነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ “ጠቅላይ ሚኒስትሩ” ማን ናቸው? በየካቲት ሁሉም ያውቃል። በሚያዝያ ግን ያ ማዕረግ የሌላ ሰው ሆኗል። በማዕረግ ብቻ መጥራት አክብሮት ነው፤ ለማኅደር ግን ስም እንደ መደምሰስ ነው።

ሦስተኛው፦ “ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለመልቀቅ ጠየቁ”። እውነት ነው፣ ስም አለው። ቁጠሩት፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 36 ፊደል ነው። ግን የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። “ጠየቁ” የምትለው ቃል ከ34ኛው እስከ 36ኛው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። የስልክ ስክሪን ወይም የፍለጋ ገጽ ረዘም ያለን ርዕስ ሲቆርጥ ከጫፉ ነው የሚቆርጠው። 26ኛው ላይ ቢቆርጠው የሚቀረን “ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት...” ነው። ተነሡ? ለቀቁ? ሊለቁ ነው? ማንም ሳያስበው፣ ሐቀኛው ርዕስ በመቆረጡ ብቻ የጠቅታ ወጥመድ ሆነ። የእንግሊዝኛ ርዕስ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩን ነው የሚያጣው፤ የእኛ ግን ዜናውን ያጣል።

መፍትሔው ከ1912 ይመጣል፤ ርዕሱን መቆራረጥ። “ኃይለማርያም ደሳለኝ ለመልቀቅ ጠየቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን እስኪያስረክቡ ይቆያሉ”። የመጀመሪያው ቁራጭ 22 ፊደል ብቻ ነው፤ ስምም ግስም በውስጡ አለ። ቢቆረጥም የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። ማዕረጉም አልጠፋም፣ በማዕረግ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። ጉጉቱስ? “ለመልቀቅ ጠየቁ” ካልን በኋላ “ይቆያሉ” ስንል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ውጥረት ራሱ ያስገባል። ምንም አልደበቅንም።

አንድ ጣጣ ግን ይቀራል፤ ስሙ ራሱ። አማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት አሉት። የ“ኃይለማርያም” የመጀመሪያ ድምፅ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ስሙ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሁለት መንገድ። “ማርያም” ወይም “ማሪያም”፤ ሁለት። “ደሳለኝ” ወይም “ደሣለኝ”፤ ሁለት። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 48 ይሆናል። በተግባር ሁሉም አይጻፉም፤ ግን ከአራት አምስቱ ጋር ሁላችንም ተገናኝተናል። ላይ “ኃ/ማርያም” ብሎ በእዝባር ማሳጠርም ይጨመርበት። ትላልቅ የፍለጋ ሞተሮች አንዳንዱን ልዩነት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ፊደል በፊደል የሚያነጻጽር የፍለጋ ሳጥን ግን “ሀ” ተጽፎለት “ኃ”ን አያገኝም። በዚያ ላይ “የ”፣ “ለ”፣ “ከ” ከስሙ ጋር ይለጠፋሉ፤ “ከኃይለማርያም” ለእንዲህ ያለ ሳጥን ሌላ ቃል ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ዘዴ ሦስት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንድን ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ፤ ቢቻል ባለቤቱ ራሱ እንደሚጽፈው። ርዕሱ ላይ ስሙ ያለ ቅጥያ፣ ንጹሑን እንዲቆም ማድረግ፤ ዐረፍተ ነገሩን በስሙ መጀመር ለዚህ ይረዳል። የተለመደ ሌላ አጻጻፍ ካለ ደግሞ ርዕሱን ሳያጨናንቁ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ጊዜ ማግባት።

ዋጋው

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊሸነፍ ይችላል። ይህን መደበቅ አይገባም። “ሰበር ዜና! ያልተጠበቀው ውሳኔ” በመጀመሪያዋ ሰዓት ከእኛ ባለሁለት ቁራጭ ርዕስ የበለጠ ጠቅታ ቢያገኝ አይደንቅም። የአፕወርዚ ዓይነት ፈተና ቢደረግ ምናልባት አሸናፊው እሱ ነው፤ ፈተናው የሚያበቃው በዚያች ሰዓት ስለሆነ። ርዕስ ግን ከዚያ በኋላም ይኖራል። በማግሥቱ የሚፈልገው አለ፣ ከዓመት በኋላ የሚፈልገው ተማሪ አለ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበውም አለ።

ስለዚህ አንድ ርዕስ ሲያጋጥማችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ስትጽፉ፣ ዜናውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ርዕሱ ተመለሱ። ካነበባችሁ በኋላም ርዕሱ እውነት ሆኖ ይቆያል? የማን ጉዳይ እንደሆነና እስከ መቼ የታወቀ እንደሆነ ይናገራል? “6:27” ያለው ርዕስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም አንድም ቃል ማረም አያስፈልገውም። ያን ቀን ማታ የተሸጠው ግን፣ ገዢው ቤቱ ደርሶ ሳያነበው ነበር ውሸት የነበረው።